ከ26,000 ብሩ ኪስሽ የሚገባው ስንት ነው?

*ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ልጅ ነኝ። በኬሚስትሪ ተመርቄ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ እሠራለሁ። አሁን ሁለት ሥራ ተገኝቶልኛል። አንዱ እዚሁ ደብረ ብርሃን ሌላ ፋብሪካ ነው፤ 15,000 ብር ይከፍላል፣ ሰርቪስና ምሳ አለው፣ ሕክምናም ይሸፍናል። ሌላው አዲስ አበባ ቃሊቲ ሲሆን በድምሩ 26,000 ብር ነው፤ ደመወዙ 13,000፣ የቤት አበል 7,000፣ የኃላፊነት አበል 4,500፣ ትራንስፖርት 1,500። እዚህ ጠባሴ በ3,000 ብር ተከራይቻለሁ። አዲስ አበባ አያት አካባቢ አንድ ክፍል 7,000 ተብያለሁ፤ ከዚያ ቃሊቲ ለመድረስ ታክሲው በአንድ መንገድ 50 ብር ይፈጃል። እናቴ ጫጫ ናት። ሰው ሁሉ «የ11,000 ብር ልዩነት እንዴት ይተዋል?» ይለኛል። እርስዎስ ምን ይመክሩኛል?*

እህቴ፣ መጀመሪያ ይህንን 11,000 ብር የሚባል ነገር ከጭንቅላትሽ አውጪው። እንዲህ ያለ ልዩነት የለም። ወረቀት ላይ አለ፣ ኪስሽ ውስጥ ግን የለም። ለምን እንደሌለ በቁጥር አሳይሻለሁ፤ ብዕርና ወረቀት ይዘሽ አብረሽኝ አስቢው፤ የእኔን ቁጥር ብቻ አምነሽ እንዳትወስኚ።

ከግብሩ እንነሳ። የሥራ ግብር አከፋፈሉ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። አሁን የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ይሄድና ከ14,000 ብር በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። የአንቺ ሁለቱም ሥራዎች ከ14,000 በላይ ስለሆኑ እርከን በእርከን መቁጠር አያስፈልግሽም። ግብር የሚከፈልበትን ብር በ0.35 አባዢና 2,050 ቀንሺ፣ በቃ። አንድ ነገር ልብ በይ፤ ብዙ ሰው አሁንም በድሮው ሠንጠረዥ ነው የሚያሰላልሽ። በድሮው 600 ብር ብቻ ነበር ነፃው፣ 35 በመቶውም ከ10,900 ብር በላይ ይጀምር ነበር፣ የሚቀነሰውም 1,500 ነበር። «35 በመቶ ሲቀነስ 1,500» ብሎ የሚያሰላልሽ ሰው ካጋጠመሽ ያረጀ ነገር ይዟል ማለት ነው። በወር 550 ብር ያሳንስብሻል።

የደብረ ብርሃኑን እንይ። 15,000 ሲባዛ በ0.35 5,250 ይሆናል፤ 2,050 ሲቀነስ ግብሩ 3,200 ብር ነው። ጡረታ ደግሞ ከሠራተኛው 7 በመቶ ስለሆነ 1,050 ብር ይቆረጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጡረታውን መጀመሪያ ቀንሶ በቀረው ላይ ግብር ሲያስብ ነው። እንደዚያ አይደለም፤ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ሳይቀነስ ነው። ስለዚህ 15,000 ሲቀነስ 3,200፣ ሲቀነስ 1,050፣ እጅሽ ላይ 10,750 ብር ይገባል።

አሁን ቃሊቲን። ይኼኛው ትንሽ ይበልጥ ትኩረት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም አራት ቦታ ተከፋፍሏል፣ አራቱም አንድ ዓይነት አይደሉም። የቤት አበል በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል እንደ ደመወዝ ግብር ይቆረጥበታል። ብዙ ሰው «የቤት ነው» ስለተባለ ብቻ ሙሉው የሚደርሰው ይመስለዋል፤ አይደርሰውም። የኃላፊነት አበሉም እንደዚያው ነው። የትራንስፖርት አበል ግን እስከ ወሰኑ ድረስ ከግብር ነፃ ነው። ከወሰኑ ካለፈ ትርፉ ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ይታሰባል። የአንቺ 1,500 አነስተኛ ስለሆነ ነፃ አድርጌ ወስጄዋለሁ፤ አንቺም ፔሮል የሚሠራውን ሰው «ይህቺ ትታክሳለች ወይ?» ብለሽ አረጋግጪ።

ስለዚህ ግብር የሚከፈልበት 13,000፣ 7,000 እና 4,500 ሲደመሩ፣ 24,500 ብር ነው። በ0.35 ሲባዛ 8,575 ይሆናል፣ 2,050 ሲቀነስ ግብሩ 6,525 ብር። ጡረታው የሚታሰበው ከመሠረታዊ ደመወዙ ከ13,000 ብቻ ስለሆነ 910 ብር ነው። ከ26,000 ላይ ሁለቱን ስትቀንሺ 18,565 ብር ይቀራል።

አየሽ? 11,000 የተባለው ልዩነት ገና ከቢሮው ሳትወጪ 7,815 ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከ14,000 በላይ በሆነ ደመወዝ ላይ የሚጨመርልሽ እያንዳንዱ ታካሽ ብር እጅሽ ላይ 65 ሳንቲም ሆኖ ነው የሚደርሰው። ጭማሪው መሠረታዊ ደመወዝ ላይ ከሆነ ደግሞ ጡረታውም ስለሚቆረጥ 58 ሳንቲም ነው። ይህችን 65 እና 58 ያዣት፤ ወደ ኋላ ስትደራደሪ ትጠቅምሻለች።

አሁን ወደ ኑሮው እንግባ። ቁርስ፣ እራት፣ ልብስ፣ ስልክ፣ እነዚህን ትቻቸዋለሁ። በሁለቱም ከተማ የምታወጪያቸው ናቸው፤ ልዩነታቸውን አንቺ ስለራስሽ ታውቂያለሽ። እኔ የምቆጥረው ሥራው ራሱ የሚያስወጣሽን ብቻ ነው። ቤት፣ መንገድ፣ ምሳ፣ እናትሽ ጋር መመላለሻ።

ደብረ ብርሃን ኪራይሽ 3,000 ነው። መንገዱ በሰርቪስ ነው፣ ምሳው ፋብሪካው ነው፣ ፋብሪካ ለሠራተኛው የሚያበላው ምሳም በደንቡ ገደብ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ግብር አይቆረጥበትም። ጫጫ ቅርብ ነውና በወር ሁለት ጊዜ ሄደሽ ብትመለሺ 200 ብር እንበል። ከ10,750 ላይ 3,200 ሲወጣ 7,550 ብር ይቀርሻል።

አዲስ አበባ ግን ኪራዩ 7,000 ነው። ታክሲ በቀን 100 ብር፣ ቅዳሜን ጨምረሽ በወር 25 ቀን ብትሠሪ 2,500። ምሳ ከቤት ቋጥረሽ ብትሄጂና በቀን 60 ብር ቢፈጅብሽ 1,500። ጫጫ በወር አንዴ ደርሶ መልስ 600 ብር እንበል። ሲደመር 11,600 ነው። ከ18,565 ላይ ስታነሺው 6,965 ብር ይቀርሻል።

ማለትም በ26,000ው ሥራ በወሩ መጨረሻ ከ15,000ው ሥራ በ585 ብር *ያነሰ* ነው የሚተርፍሽ። ምሳ ከሆቴል የምትገዢ ከሆነ፣ በቀን 150 ብር ብንል እንኳ ወጪው 2,250 ብር ይጨምራል፣ ልዩነቱም ወደ 2,835 ያድጋል። ድካም ሳይቆጠር። ከአያት ቃሊቲ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሄደሽ ለመመለስ በቀን 3 ሰዓት ቢወስድብሽ በወር 75 ሰዓት መንገድ ላይ ነሽ።

ታዲያ «በቃ ደብረ ብርሃን ቅሪ» ልል ነው? አይደለም። ቆይ፣ ስሌቱን የሚወስነው አንድ ነገር ላይ ገና አልደረስንም፤ እሱም ቤቱ ነው። ደመወዙ እኮ የተወሰነ ነው፣ ግብሩም እንደዚያው። አንቺ ልትለውጪው የምትችዪው የት እንደምትኖሪ ብቻ ነው፤ ውጤቱ የሚገለበጠውም እዚያ ላይ ነው።

ኪራይን ለብቻ፣ መንገድን ለብቻ አድርገሽ አትዪው። ሁለቱ አንድ ወጪ ናቸው። አያት 7,000 ሲደመር ታክሲ 2,500፣ የቤትሽ እውነተኛ ዋጋ 9,500 ነው። ስለዚህ ቃሊቲ አካባቢ፣ በእግር የሚያስኬድ ቦታ፣ አንድ ክፍል በ8,500 ብታገኚ ኪራዩ በ1,500 የተወደደ ቢመስልም በወር 1,000 ብር ይረክሳል። ያን ጊዜ ከ18,565 ላይ 8,500፣ ምሳ 1,500፣ ጫጫ 600 ሲነሳ 7,965 ይቀርሻል። ከደብረ ብርሃኑ በ415 ብር በለጠ። 75ቱ ሰዓትም ይመለስልሻል፣ ያ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

ያንኑ ቤት ከአንዲት የምታምኛት ጓደኛ ጋር ብትካፈሉት ድርሻሽ 4,250 ይሆናል። ያን ጊዜ የሚተርፍሽ 12,215 ነው፤ ከደብረ ብርሃኑ በ4,665 ብር ይበልጣል። ይህ በርግጥ የሚያጓጓ ገንዘብ ነው፤ በእንዲህ ያለ ሁኔታ «ሂጂ» የሚሉሽ ሰዎች እውነት አላቸው። አያት ብቻሽን ከሆነ ግን እውነት የላቸውም። ያው ሥራ ነው፣ ያው 26,000 ብር ነው።

ስለዚህ መልስ ከመስጠትሽ በፊት አንድ ቀን ቃሊቲ ውረጂና ቤት ፈልጊ። ደላላ በስልክ የሚነግርሽን ዋጋ አትያዢ። ሄደሽ እዪ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ መብራት ቆጣሪው የጋራ ይሁን የግል ጠይቂ። ቅድሚያ ክፍያንም አስቢ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልሽ የሚልሽ ካለ ሕጉን አስታውሺው። ሁለት ወሩ ራሱ በ8,500 ሂሳብ 17,000 ብር ነው፣ የደላላው፣ የዕቃ መጫኛው፣ ፍራሽና ምድጃው ሲጨመር የመጀመሪያ ደመወዝሽን ሳታዪ ይህን ሁሉ ማውጣት ይኖርብሻል። ከየት ታመጪዋለሽ? ይህን አስቀድመሽ መልሺ። ለመበደር ካሰብሽ ደግሞ የምትመልሺውን በየወሩ ከ7,965ቱ ላይ ቀንሺው።

አሁን ወደማይታየው እንሂድ። በየወሩ ፔይስሊፕ ላይ የማታዪው ነገር አለ፣ እሱም ከመሠረታዊ ደመወዝ ጋር የተያያዘ ነው። ቃሊቲ 26,000 ይበሉሽ እንጂ ደመወዝሽ 13,000 ነው። ደብረ ብርሃን 15,000 ነው። አሠሪው ለጡረታሽ 11 በመቶ ይጨምራል። ያም የሚታሰበው ከመሠረታዊው ነው፤ ደብረ ብርሃን 1,650፣ ቃሊቲ 1,430። የትርፍ ሰዓትም፣ በብዙ ድርጅት የዓመት ጭማሪውና ቦነሱም፣ ሁሉም የሚሰሉት ከዚሁ ነው። 10 በመቶ ጨመርን ቢሉሽ አንዱ ጋር 1,500፣ ሌላው ጋር 1,300 ነው። ዓመት በዓመት ሲደራረብ ደግሞ ይሰፋል። አበል ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆማል። የ7,000 ብሩ የቤት አበል ከሦስት ዓመት በኋላም 7,000 ሊሆን ይችላል፤ ኪራዩ ግን አይጠብቅሽም።

ጥራት ቁጥጥር ስለሆንሽ ትርፍ ሰዓቱን ዝም ብለሽ አትለፊው። ፈረቃ አለ፣ ማሽን ሲበላሽ ማምሸት አለ። የሰዓት ክፍያሽን ለማወቅ ደመወዙን ለ208 አካፍዪ፤ 26 ቀን በ8 ሰዓት ማለት ነው። ደብረ ብርሃን 72 ብር ገደማ ይመጣል፣ ቃሊቲ 62 ብር ከ50። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ 1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። በወር 20 ሰዓት ቀን ላይ ብትሠሪ ደብረ ብርሃን 2,160 ብር ገደማ፣ ቃሊቲ 1,875 ብር ነው፣ ከሁለቱም 35 በመቶው ለግብር ይሄዳል። ልዩነቱ ትንሽ ናት፣ ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ታስነሳለች። ቃሊቲ ያለው ድርጅት የኃላፊነት አበል እከፍልሻለሁ ሲል «ስለዚህ ትርፍ ሰዓት የለሽም» ማለቱ ይሆን? ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ጠይቂ። 4,500 ብሩ በየሳምንቱ አሥር ሰዓት ማምሸት የሚጠይቅ ከሆነ አበል አይባልም፤ የሠራሽበት ዋጋ ነው።

ሰርቪሱንም መርምሪ። «ሰርቪስ አለን» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ጠባሴ ድረስ ይመጣል ወይስ ዋናው መንገድ ላይ ነው የምትጠብቂው? የማታ ፈረቃ ስትወጪ አለ ወይ? ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቆሞ መኪና መጠበቅ ምን እንደሆነ አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ማታ ሰርቪስ ከሌለ ባጃጅ ኮንትራት ትይዣለሽ። በወር ስምንት ጊዜ በ100 ብር ብትይዢ እንኳ 800 ብር ነው፣ ያቺን ደግሞ ከ7,550ው ላይ ቀንሻት። ምሳውንም አጣሪ፤ የጾም አለ ወይ? በዓቢይ ጾም የሚቀርበውን የማትበዪ ከሆነ ለሁለት ወር ገደማ ያ ጥቅም የለሽም ማለት ነው።

ሕክምናው ላይ ብዙ አልጽፍም። አሠሪ የሚከፍለው የሕክምና ወጪ ግብር አይቆረጥበትም፣ ጥሩ ጥቅም ነው። ግን «እስከ ይህን ያህል ብር እንሸፍናለን» ያሉትን ጣሪያ እንደ ገቢ አትቁጠሪው። ባለፈው ዓመት ለሐኪምና ለመድኃኒት ያወጣሽውን አስታውሺና ለ12 አካፍዪው። የአንቺ ጥቅም ያቺ ናት። ለእናትሽም የሚሆን ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቤተሰብ ይጨምራል ወይ ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። አንዳንዱ ፋብሪካ የትዳር ጓደኛና ልጅ እንጂ ወላጅ አይሸፍንም።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር የሙከራ ጊዜው ነው። በሕጉ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትሽ ይችላል፤ ካሳም አይከፍልሽም። ደብረ ብርሃን ቢሆን ቤትሽ ውስጥ ነሽ፣ ሌላ ትፈልጊያለሽ። አዲስ አበባ ቢሆን ግን ቅድሚያ ከፍለሽ፣ ዕቃ ገዝተሽ፣ የጠባሴውን ቤት ለቀሽ ነው። በተጨማሪ አንዳንድ ድርጅት በሙከራ ጊዜ የቤት አበሉን አይከፍልም፤ ደመወዙን ብቻ ይከፍልሽና ከሦስት ወር በኋላ ሙሉውን ይጀምራል። እንዲህ ከሆነ በሦስቱ ወር ምን እንደሚገጥምሽ እዪው። 13,000 ብቻ ቢከፍሉሽ ግብሩ በ30 በመቶ እርከን 2,550 ነው (13,000 በ0.30 ሲባዛ፣ 1,350 ሲቀነስ)፣ ጡረታው 910፤ እጅሽ ላይ 9,540 ይገባል። የአያቱ ኪራይና መንገድ ብቻውን 9,500 ነው። የምትበዪው የለሽም። ይህንን ሳያውቁ ገብተው በሁለተኛው ወር ወደ ቤተሰብ ስልክ የሚደውሉ ልጆች ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ከሁለቱም የምትፈልጊው ነገር በጽሑፍ ነው። የቅጥር ደብዳቤው ላይ መሠረታዊ ደመወዙ ለብቻ፣ እያንዳንዱ አበል ለብቻ ይጻፍ። ቁጥሮቹ ከግብር በፊት ናቸው ወይስ የተጣሩ? የቃሊቲው «26,000 በድምሩ» ያሉሽ የተጣራ ከሆነ ስሌቴ ሁሉ ይፈርሳል፣ ደስም ይለኛል። ግን በቃል የተነገረ «የተጣራ» ዋጋ የለውም። አበሉ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል ወይ? በዓመት ዕረፍት ላይ ስትሆኚና ስትታመሚ ይቀጥላል ወይ? ደግሞ ሙሉ ደመወዙ ፔሮል ላይ ይገባል ወይ? «ግማሹን በባንክ፣ ግማሹን በእጅ» የሚል ካለ ተጠንቀቂ፤ ግብር ቀነሰልሽ ይሉሻል፣ ጡረታሽ ግን በግማሹ ነው የሚገባው፣ ብድር ስትጠይቂም ባንኩ የሚያየው ግማሹን ነው። ማወቅ ከፈለግሽ ስም የተሰረዘበት የሌላ ሠራተኛ ፔይስሊፕ አሳዩኝ በያቸው። የሚያሳይሽ ድርጅት የሚደብቀው የለውም።

ድርድር አለ። ከቃሊቲ የሚጠየቀውን ልንገርሽ። አያት ብቻሽን ብትኖሪ የሚጎድለው 585 ብር ነው፤ በአበል የሚጨመር ከሆነ 585ን ለ0.65 ስታካፍዪ 900 ብር ይመጣል። በ900 ብር የሚያልቅ ጥያቄ ነው፣ የማይቻል አይደለም። በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ የሚጨመር ከሆነ ለ0.58 ነው፤ 1,009 ብር ገደማ። የእኔ ምርጫ ግን ሌላ ነው። ድምሩ ሳይነካ ከኃላፊነት አበሉ 4,500 ብር ወደ መሠረታዊ ደመወዝ እንዲዞርልሽ ጠይቂ። ግብሩ አይለወጥም፣ ሁለቱም ታካሽ ስለሆኑ። አንቺ ለጡረታ 315 ብር ትጨምሪያለሽ፣ እነሱ ደግሞ 495 ይጨምሩልሻል፣ ትርፍ ሰዓትሽም ጭማሪሽም ከ17,500 ላይ መሰላት ይጀምራል። እነሱን የሚያስወጣቸው ትንሽ ነው፣ ለአንቺ ግን ለዓመታት የሚዘልቅ ነው። እምቢ ቢሉሽ እንኳ እንዴት እንደሚመልሱልሽ እዪ፣ ስለ ድርጅቱ ብዙ ይነግርሻል።

ከደብረ ብርሃኑም ጠይቂ። ሌላ ቅጥር እንዳለሽ ደብቀሽ አትያዢው፤ ቁጥሩን ግን ሳትነግሪያቸው 1,500 ብር ይጨመርልኝ በይ። ከተሳካ እጅሽ ላይ 870 ብር ነው የሚገባው።

የእኔ አስተያየት ይኸው ነው። ቃሊቲ አካባቢ በእግር የሚደረስበት ቤት፣ ቢቻል በጋራ፣ በ5,000 ብር ድርሻ ውስጥ ካገኘሽ፣ የሙከራ ጊዜውም አበሉን ከመጀመሪያ የሚያካትት ከሆነ አዲስ አበባ ሂጂ፣ ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ካላገኘሽ ደብረ ብርሃን ያለውን ተቀበዪ፤ «26,000 ትታ ቀረች» ለሚልሽም ይህንን ወረቀት አሳዪው።

አሁን ያለሽበትን ሥራ ደግሞ የተፈረመ ደብዳቤ ሳትይዢ አትልቀቂ። ስትለቂም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ ነው፣ ያልወሰድሽው የዓመት ዕረፍት ካለም ይከፈልሻል፤ አስልተሽ ጠይቂ። ለሁለቱም አዲስ አሠሪዎች የመጀመሪያ ቀንሽን ስትነግሪ ይህንን 30 ቀን አስገቢው። ቃሊቲ ቤቱን ካየሽ በኋላ ቁጥሮቹን ላኪልኝ፣ አብረን እናስባለን።